የትኛው እርሻ

ምስራቅ የምትባል ሴት ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ሳብያ ከተማ ውስጥ የሥራ ውል ከዐረብኛ ወደ አማርኛ ትተረጉማለች። ግልጽ ያልሆነውን በግምት አትሞላም፤ እንዳለ ትተወውና ማስታወሻ ታያይዛለች። የእርሻ ሥራ ውሉን ላስተረጎማት ለሙሀዲን እንዲህ ጻፈችለት፦

«አንቀጽ ሦስት ‹በአሠሪው እርሻ› ይላል፤ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። አሠሪው ዳማድም አል-ሐርስም እርሻ አለው። ዳማድ ከድንበር ራቅ ይላል። አል-ሐርስ የየመን ድንበር ላይ ነው፤ የመድፍ ጥይት ይወድቅበታል። እኔ አልመረጥኩልህም። ሳትፈርም ቦታውን አስጽፍ።»

ስታነብለት ሙሀዲን ተቆጣ።

«ዳማድ ብለሽ ብትጽፊው ምን አለበት፣ እህቴ?»

«አማርኛው ላይ ብጽፈው ለአንተ ደስታ ብቻ ነው። ክስ ሲመጣ የሚታየው ዐረብኛው ነው» አለችና አሠሪው እንዲጽፍበት ብዕሯን አዋሰችው።

በማግስቱ ተመለሰ። አሠሪው ዐረብኛው ላይ የቦታውን ስም በእጁ ጨምሮ ፈርሞበታል። ምስራቅ አነበበችለት፦ «አል-ሐርስ።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ አሁን ግልጽ ነው» አለ ሙሀዲን። ሳይፈርም ብዕሯን መለሰላት።