ለሙሽራ የተባለው ቫይታሚን

እዚህ ካርቱም ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ቤት ትቀመጣለች፤ በጭስ ትታጠናለች፣ በቅባት ትታሻለች፣ እንድትሞላም ትቀለባለች። የኔዋ ልጅ እንደኔ ቀጭን ናት። ሱዳናዊቷ አክስቷ፣ የአባቷ እህት፣ በመጣች ቁጥር «ይቺ ሐበሻ አጥንት ብቻ ናት፣ ሙሽራው ምኗን ሊያቅፍ ነው?» እያለች ትስቅባታለች። ልጄም አብራ ትስቅ ነበር። ኋላ ግን በስልኳ «ለሙሽሮች የተፈጥሮ ቫይታሚን» የሚል ማስታወቂያ አይታ አዘዘች። ባለሪክሻ፣ ባለባጃጅ ማለት ነው፣ እኛ ሰፈር ሐጅ ዩሱፍ ድረስ አመጣላት።

የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ማንበብ እምብዛም ስለማልችል ሰው የምመዝነው በድምፁ ነው። ሻጯ በድምፅ መልእክት ረጋ ብላ፣ ወላሂ እያለች ስታስረዳ የልጆች እናት መሰለችኝ።

የልጄ ፊት ቶሎ ሞላ። አክስቷ እልል አለች፣ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ሳያት ጉንጯና ሆዷ ብቻ ነው የሚያድገው፤ እግሯ ይከሳል፣ ከወለል ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች። ፈራሁ። ብልቃጡን ልጥለው ነበር፤ ግን ምን እንደሆነ ሳላውቅ አልጥልም ብዬ ከነካርቶኑ ይዤው ሄድኩ። በምሠራበት ሰፈር፣ በአል-ጣኢፍ፣ መድኃኒት ቤት አለ።

ባለሙያዋ ካርቶኑን ከብልቃጡ ጋር አስተያየች። የማብቂያ ቀናቸው አይገጥምም፤ የአምራች አድራሻም የለም፣ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ጫፍ በአልኮል አርሳ ስትልጠው ከሥሩ የዓሣ ዘይት የሚል ሌላ ወረቀት ወጣ።

«ውስጡ ያለውን በዓይን አይቼ አላውቀውም» አለችኝ። «ለማወፈሪያ በሚሸጡት ግን ብዙ ጊዜ ኮርቲዞን የሚባል ብርቱ መድኃኒት ይደባልቃሉ።»

«ዱክቶራ፣ ዛሬውኑ ላስተዋት?»

«እንዳታስተዪያት። በድንገት ማቆም ራሱ አደገኛ ነው። ዛሬውኑ ብልቃጡን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።»

ልጄ አላመነችም። ባለሙያዋ እንደመከረችኝ ሻጯን ጠይቂያት አልኳት፦ ሱቅሽ የት ነው፣ ፈቃድሽን አሳዪኝ፣ መድኃኒቱ በመንግሥት የተመዘገበበት ቁጥር ስንት ነው። ሻጯ «ሐቢብቲ፣ ሁሉም የተፈጥሮ ነው» ብላ መለሰች። ልጄ ደግማ ስትጠይቅ ዘጋቻት። ያኔ ልጄ ስልክ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ፈለገችው። በሌላ ስም ሌላ ገጽ ወጣ፤ ያው ብልቃጥ እዚያ ለማክሳት ይሸጣል።

«እማ፣ ተነሺ እንሂድ» አለች።

የደም ምርመራው ገላዋ ከውጭ ሲገባለት የራሱን ኮርቲዞን ማምረት እንደቀነሰ አሳየ። ሐኪሟ መጠኑ የታወቀ የኮርቲዞን ኪኒን ሰጥታት በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰችላት ነው። ሠርጉ ተራዘመ። ሙሽራው እሺ አለ፣ አክስቷ አኮረፈች። ካስመለሳት ወይም አዙሮ ከጣላት ሳልውል ሳላድር ሐኪም ቤት እንዳመጣት ታዝዣለሁ። ሥራ ቦታ ስልኬን ከጎኔ አላርቀውም፤ ሲጮህ የያዝኩትን ጥዬ አነሳዋለሁ።