አየር ውሃን ሲገፋ

ያን ክረምት ነቀምቴ ላይ የተሰበሰብነው የምስክር ወረቀት የሌለን አስተማሪዎች ነበርን። እኔ ፊደል የለየሁት ከወንድሞቼ ደብተር ላይ ነው፤ አስተማሪ የሆንኩትም ሰው ስለጠፋ ነው ብል አልዋሸሁም። ጓደኛዬ ደግሞ ከጊምቢ መጣች። ሦስተኛ ክፍልን ብዙ ዓመት አስተምራለች፤ የክረምቱን ፈተና ካላለፈች ግን በመስከረም ቦታዋ ላይ ምስክር ወረቀት ያለው ሰው ሊቀመጥ ነው። ይህን በደብዳቤ ሳይሆን ርእሰ መምህሩ ራሱ በአፉ ነግሯታል።

ፈተናው አንድ የሳይንስ ንድፈ ሐሳብ ጓደኞቻችን ፊት ቆመን ማስረዳት ነበር። ለእሷ የአየር ግፊት ደረሳት። በስቴንስል የተባዛ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ተሰጣት፤ ባኬ ጃማ ሰፈር በተከራየነው ክፍል ውስጥ ማታ ማታ ወረቀቱን እኔ እይዛለሁ፣ እሷ በቃሏ ትወጣዋለች።

«ውሃን በቧንቧ ወደ ላይ የሚያወጣው ምንድን ነው?» እላለሁ።

«በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ሲወጣ የውጭው አየር በክብደቱ ውሃውን ይገፋዋል። ከፍታውም እስከ አሥር ሜትር ያህል ነው።»

አንዲት ቃል አትስትም። «ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ እንደ ዳዊት ደገምሽው እኮ!» ስላት «ቶሌ፣ እሺ፣ ደግመሽ ጠይቂኝ» ትላለች። በልቤ ግን ፈራሁላት፤ ልጅቷ ወረቀቱን እንጂ ነገሩን የያዘች አልመሰለኝም።

ቀኑ ደረሰ። ፈታኛችን ከሸዋ የመጡ ሸበቶ ኢንስፔክተር ነበሩ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያዳምጡ። ጓደኛዬ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ወጣችው። ስትጨርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቧንቧውን ሁለት እጥፍ ሰፊ ባደርገውስ፣ ልጄ?»

«ያው አሥር ሜትር ያህል ነው፣ ጋሼ።»

«ልክ ነው። ግን ወረቀቱን የሸመደደም ይህንኑ ይለኛል። እሺ፣ እዚሁ ነቀምቴ ጉድጓድ ቆፈርን እንበል። ጥሩ መምጠጫ ፓምፕ ከአፉ ላይ አስቀመጥን። ውሃው ከስንት ሜትር ጥልቀት ድረስ ይወጣልናል?»

ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች። ከጎኔ የነበረው፣ ከጨለለቂ የመጣው አስተማሪ «አሥር በያ! ወረቀቱ ላይ አለልሽ!» ብሎ አንሾካሾከላት። አልሰማችውም። ከኋላ ሳቅ ተጀመረ። ኢንስፔክተሩ እርሳሳቸውን አነሱ። አለቀላት አልኩ።

«ጋሼ፣» አለች በመጨረሻ፣ «ነቀምቴ ከባሕር ስንት ከፍ ትላለች?»

እርሳሱ አየር ላይ ቀረ። «ሁለት ሺህ ሜትር ያልፋል። ምን ልታደርጊው?»

«የሚገፋው ከላያችን ያለው አየር ነዋ። ከባሕሩ ዳር ብንሆን አየሩ ሁሉ ከላያችን ነው። እኛ ግን ወጥተናል፤ ከፊሉን ከእግራችን በታች ትተነው መጥተናል። የቀረው ያነሰ ከሆነ የሚገፋውም ያንሳል።» እጇን ዝቅ አደረገች። «ቁጥሩን አላውቀውም። ግን ከአሥር ሜትር በታች ነው። ዴዴሳ በረሃ ብንወርድ ደግሞ ከዚህ ይሻላል።»

«ተሳስተሽስ ከሆነ በምን እናውቃለን?»

«ያንኑ ፓምፕ ዴዴሳ ወስደን እንሞክራለና። እዚህም እዚያም እኩል ከወጣ እኔም ተሳስቻለሁ፣ የአየር ክብደት የሚለው ወረቀትም አብሮኝ ተሳስቷል።»

አሁን የሳቁት ኢንስፔክተሩ ናቸው። «እንዲህ የምታውቂ ከሆነ ታዲያ ቅድም ለምን እንደ በቀቀን ለፈለፍሽብኝ?»

«አማርኛው እንዳይጥለኝ ፈርቼ ነው። ወረቀቱን ከያዝኩ ቃል አይጠፋኝም።»

«ለልጆቹስ እንዴት ነው የምታስረጂያቸው?»

«በኦሮምኛ።»

ያን ጊዜ ይህ ለኢንስፔክተር የሚነገር ነገር አይደለም፤ ትምህርቱ በአማርኛ ነው፣ ትእዛዝ ነው። እሷም ወዲያው ገባትና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መስኮቱን ተመለከቱ።

«ጆሮዬ ደከመ መሰለኝ፣ የመጨረሻውን አልሰማሁም» አሉ። «አልፈሻል፤ ተቀመጪ። ቁጥሩ ስምንት ሜትር ያህል ነው፤ ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ባሕር ዳርቻ ነው።»

ስንወጣ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ጫማ ይዞ አይለቅም። እኔ ደስታውም ንዴቱም አንድ ላይ ይዞኛል።

«አንቺ! ይህን ሁሉ እያወቅሽ ያን ያህል ሌሊት እኔን በወረቀት ታደርቂኛለሽ? ለምን አልነገርሽኝም?»

ጫማዋን ከጭቃው እየነቀለች ቀና ብላ አየችኝ፤ የምር ገርሟታል።

«መች ጠየቅሽኝ? አንቺ የጠየቅሽኝ ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው።»