የየኔታ የሳል ምልክት

አንድ ቀን የዜማ መምህሩ የኔታ፣ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወዳለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ የዜማ መጽሐፋቸውን ይዘው መጡ። ሲያዜሙ ሳል የሚይዛቸውን ቦታ ሁሉ፣ ቀድመው ትንፋሽ እንዲሰበስቡ፣ በቀይ እስክሪብቶ የጭረት ምልክት አድርገውበታል። ተማሪዎቻቸው ታዲያ ጭረቱን ባዩ ቁጥር እሳቸውን ተከትለው መሳል ለምደዋል።

«ልጄ፣ በቁስቋም በዓል ሕዝብ ፊት ሊስሉብኝ ነው! ጭረቱን አጥፍተሽ ንጹሕ ቅጂ ስጪኝ» አሉኝ።

እኔን ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ በመነካካት ነው የለመድሁት። ገጹን በከለር ስካን አደረግሁና ቀዩን ቀለም በሙሉ መርጬ አጠፋሁት። በኩራት አትሜ ሰጠኋቸው።

የኔታ አንብበው ፊታቸው ተለወጠ። «ምነው ልጄ፣ እመቤታችንን ወዴት ሰደድሻት?»

ለካ ቅዱሳት ስሞችም የሚታተሙት በቀይ ነው! ጸሎቱ ሁሉ አድራሻ አጥቶ ቀርቷል።

የመጀመሪያውን ስካን እንደገና ከፈትሁ፤ አጉልቼም ጭረቶቹን ብቻ አንድ በአንድ በእጄ ጠረግሁ። አንዱ ጭረት ግን «ማርያም» የሚለው ላይ ተሻግሮ ነበር። ቀይ በቀይ ላይ ሆኖ የቱ ከየቱ እንደሆነ አይለይም።

«እሱን ተይው!» አሉ ደንግጠው። «ከስሟ ፊደል ከሚጎድል የእኔ ሳል ይኑር።»

በበዓሉ ዕለት ተማሪዎቹ ሸጋ አድርገው አዜሙ። «ማርያም» ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ባንድነት «ኡሁ ኡሁ» አሉ።