የተሰረዘው ሪፖርት ቁጥር 7

ኔሬይዳ ኮቶ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ጽሑፍ ከኋላ ጀምራ ስታነብ ኖራለች። ሥራዋ ሪዮ ፒየድራስ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። ማንኛውም የማስተርስ ተማሪ ከመመረቁ በፊት የማጣቀሻ ዝርዝሩን ለእሷ ያስረክባል። እሷ ካልፈረመች ምረቃ የለም። ቀይ እስክሪብቶ የፕሮፌሰሮቹ ነው፤ የእሷ አረንጓዴ ነው።

ተማሪዎቹ «ዶኛ»፣ ማለትም እመቤት፣ ይሏታል፤ ይፈሯታልም፤ ሲመረቁ ደግሞ ቄሲቶ ይዘውላት ይመጣሉ። አይብ የተሞላው ይህ ጣፋጭ ዳቦ ለስኳር በሽታዋ እንደማይበጅ ሐኪሟ ነግሯታል። ትበላዋለች።

ባለፈው ግንቦት የያሬሊስ ማይሶኔት ጽሑፍ ደረሳት። ልጅቷ የሎማ ካልሳ ተወላጅ ናት። መሬቱ ይንሸራተታል ተብሎ ሠላሳ ሁለት ቤተሰብ ሊነሣበት የታሰበው ኮረብታ ማለት ነው። የጻፈችውም ስለዚሁ ነበር። ዝርዝሩ ብዙ ሥራ ይፈልግ ስለነበር ኔሬይዳ አስጠራቻት።

«ይሄ ማነው?» አለች፣ አንድ መስመር ላይ በእስክሪብቶዋ ጫፍ መታ እያደረገች።

«ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ናቸው፣ ዶኛ ኔሬይዳ።»

«ዳኛ ደራሲ አይደለም፣ ልጄ። የፍርድ ቤት ውሳኔ የሚገባው በተከራካሪዎቹ ስም ነው። ከዚያ የቅጹ ቁጥር፣ ገጹ፣ ዓመተ ምሕረቱ። ሕጉም በስሙና በቁጥሩ ይግባ፤ ያረቀቀውን የምክር ቤት አባል ማን ጠየቀሽ?»

«እሺ።»

«እነዚህ አራት መሐንዲሶችስ?»

«ሪፖርቱን የሠሩት ናቸው።»

«ሽፋኑ ላይ ስማቸው አለ?»

«የለም። ከውስጥ፣ ምስጋናው ላይ ነው ያገኘሁት።»

«እንግዲያው ደራሲው መሥሪያ ቤቱ ነው። የተዳፋት ጥናት ቢሮ። ርዕሱን አስከትይ፣ ከርዕሱ ቀጥሎ የሪፖርቱን ቁጥር በቅንፍ። መሐንዲሶቹ ቅር ካላቸው ወደ እኔ ላኪያቸው።»

ያሬሊስ ስቃ ሄደች፤ አስተካክላም መለሰችው። የተመለሰው በማስረከቢያው ሳምንት ነው። ኔሬይዳ ጠረጴዛ ላይ አርባ ሦስት ጽሑፎች ተከምረው ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ ሁለት መስመሮች ተከታትለው ተቀምጠዋል፤ ያው የተዳፋት ጥናት ቢሮ፣ ያው 2014፣ ያው ርዕስ። አንዱ ሪፖርት ቁጥር 7፣ ሌላው ቁጥር 19። ልጅቷ እንዲለዩ፣ እንደ ደንቡ ከዓመቱ ኋላ ለአንዱ «ሀ»፣ ለሌላው «ለ» ሰጥታለች።

ልጅቷ አንዱን ሪፖርት ሁለት ጊዜ አስገብታ ቁጥሩን የተሳሳተች መሰላት ለኔሬይዳ። እንዲህ ያለ ድግግሞሽ በየዓመቱ ታያለች። ሁለቱንም ሪፖርት ከፍቶ ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አልከፈተችም። ቁጥር 7ን ሰርዛ ጎኑ ላይ «የተደገመ» ብላ ጻፈች። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት «ሀ» እና «ለ» እንዲወጡም አዘዘች። ልጅቷ ከሌሎቹ ብዙ እርማቶች ጋር በችኮላ፣ ልብ ሳትለው፣ የታዘዘችውን አደረገች፤ ተመረቀችም።

በጥቅምት ተመልሳ መጣች። ቄሲቶ አልያዘችም።

«ዋሽተሻል ተባልኩ» አለች፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች።

የኮረብታው ነዋሪዎች አንነሣም ብለው ጉዳዩን የሚያየው የሰፈራ ቦርድ ፊት ቀርበዋል። በእጃቸው ያለው ዋና ማስረጃ የእሷ ጽሑፍ ነው። መሬቱን ያጠናው መሥሪያ ቤት ራሱ መፍትሔ አለ ባለበት ቦታ ላይ፣ መፍትሔው ሳይመዘን ሰው ሊነሣ እንደማይችል ፍርድ ቤት አንድ ጊዜ ወስኗል። የእሷም ጽሑፍ «የውሃ ማፋሰሻ ቦይ ከተሠራ ነዋሪዎቹ ሊቆዩ ይችላሉ» የሚለውን የቢሮውን ቃል ጠቅሷል። ነዋሪዎቹን ሊያነሣ የፈለገው የማዘጋጃ ቤት ጠበቃ ዝርዝሩን ተከትሎ ቁጥር 19ን ከፈተ። እንዲህ የሚል ቃል የለም። ያለው ተቃራኒው ነው።

«ሰው ፊት ‹ከየት አመጣሽው?› አለኝ። እናቴ እዚያው ተቀምጣለች። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። አንብቤዋለሁ፣ ዶኛ ኔሬይዳ፣ ገጹ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ግን ኮምፒውተሬ ተበላሽቶ የድሮው ረቂቅ የለኝም። እኔው ነኝ ያምታታሁት።»

የኔሬይዳ እጅ መሳቢያው ላይ ነበር። አረንጓዴ ቀለም የነካው ገጽ ሁሉ አንድ ዓመት እዚያ እንዲቀመጥ ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት። መሳቢያውን አልከፈተችም።

«እስቲ እንፈልገው» አለች።

ታች ምድር ቤት ወርደው የመንግሥት ሰነዶች ክፍል ገቡ። ክፍሉን የሚጠብቀው ዊልፍሬዶ ከመነጽሩ በላይ አያት። «ኔሬ፣ አንቺ እዚህ? ደረጃ መውረድ ከተውሽ አሥር ዓመት ሆነሽ እኮ።»

«አፍህን ዝጋና የተዳፋት ጥናት ቢሮን የ2014 ስብስብ አውጣ።»

ቁጥር 7 እዚያው ነበር። ሰማያዊ ሽፋን፤ ርዕሱ ከቁጥር 19 በአንድ ፊደል እንኳ አይለይም። የመጀመሪያው በዚያ ዓመት ከጣለው ከባድ ዝናብ በፊት፣ ሁለተኛው ከዝናቡ በኋላ የተጠና ነው። ቃሉ ገጽ 31 ላይ ተገኘ። ያሬሊስ ሽፋኑን ይዛ ቆየችና ኔሬይዳን አቀፈቻት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ኔሬይዳ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት።

ሁለተኛ ፎቅ ወደ ኔሬይዳ ጠረጴዛ ተመልሰው የእርማት ቅጽ ሞሉ። «የስህተቱ ምንጭ» ከሚለው ሥር ሁለት ሣጥን አለ፤ ጸሐፊ፣ ገምጋሚ። ያሬሊስ ሳታመነታ «ጸሐፊ» ላይ ምልክት አድርጋ፣ ፈርማ አቀበለቻት። የቀረው የኔሬይዳ ፊርማ ብቻ ነበር። በታኅሣሥ ጡረታ ትወጣለች። ለስንብቱ ድግስ የአሳማ ጥብሱ ሳይቀር ታዝዟል።

ስሟን ግማሽ ጽፋ እስክሪብቶዋን አነሣች። መሳቢያውን ከፍታ የግንቦቱን ገጽ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

ያሬሊስ አረንጓዴውን መስመር አየች። «የተደገመ» የሚለውን አነበበች።

«እኔ ነኝ» አለች ኔሬይዳ። «ሳልከፍተው ሰረዝኩት።»

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ገና እንደተቀመጥሽ።»

«ምድር ቤት ስንወርድ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሳቅፍዎትስ?»

ኔሬይዳ ቅጹን ወደ እሷ ገፋ አደረገችው። ልጅቷ ቅጹን ወስዳ ምልክቷን ሰረዘችና «ገምጋሚ» ላይ አደረገች። የተጠቀመችው በጠረጴዛው ላይ በነበረው አረንጓዴ እስክሪብቶ ነው። «ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ቦርዱ ይሰየማል» አለች። «ይህን ወረቀት እኔ አላስገባውም። እርስዎ መጥተው ይናገሩ።» ቅጹንም ገጹንም ሰማያዊውን ሪፖርትም ለኔሬይዳ ትታላት ወጣች።

ሐሙስ ኔሬይዳ ለቅዳሴ የምትለብሰውን ግራጫ ቀሚስ ለብሳ ሄደች። ሁለቱን ሪፖርቶች ጎን ለጎን አስቀመጠች። ደራሲው፣ ዓመቱና ርዕሱ አንድ መሆናቸውን፣ የሚለያቸው ቁጥሩ ብቻ መሆኑን፣ ያንን ቁጥር የሰረዘችውም እሷ መሆኗን ተናገረች። የቦርዱ ሰብሳቢ ቁጥር 7 በመዝገቡ እንዲገባና ከቁጥር 19 ጋር እንዲመዘን አዘዙ። ከኋላ፣ ከነዋሪዎቹ መካከል፣ አንዲት አሮጊት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

ጠበቃው ተነሣ። ወጣት ነው፤ ትሑትም ነበር።

«እመቤቴ፣ እስካሁን ስንት ጽሑፍ ገምግመዋል?»

«ሁለት ሺህ ይሆናል።»

«በእነዚያ ውስጥ ‹የተደገመ› ብለው የሰረዙት ስንት ነው?»

«ብዙ ነው።»

«ከመሰረዝዎ በፊት ሁለቱንም የከፈቱትስ?»

ኔሬይዳ ወደ ያሬሊስ ተመለከተች። ልጅቷ ጫማዋን ታያለች።

«አላውቅም» አለች።

የቦርዱ ቃለ ጉባኤ ያዥ መዘገበችው። ኔሬይዳ በማግስቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ገና ሥራ ሳይጀመር፣ የመሳቢያዋን ገጾች በሙሉ ታቅፋ፣ የሰረዘቻቸውን አንድ በአንድ ከፍታ ልታይ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ዊልፍሬዶ በሩን ከፈተላት፤ ምንም አልቀለደም።