በነጠላው ውስጥ የቀረ አረንጓዴ

ሴትዮዋ የታተመውን ፎቶ ከፖስታው እስከ ግማሽ አወጣችና መልሳ ከተተችው።

«እናቴን ገነዛችኋት» አለች።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለችው ስቱዲዮ ውስጥ ነበርን። እኔ ኮምፒውተሩ ፊት፣ ባለ ስቱዲዮው ወረቀት መቁረጫው አጠገብ። ውጭ የታክሲ ረዳቶች «መካኒሳ! መካኒሳ!» ይላሉ። 

ፎቶውን ያመጣችው ሰኞ ዕለት ነው። የእናቷ አርባ እሁድ ይወጣል። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያላቸው፤ አሮጊቷ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አረንጓዴ ቀለም በተቀባ የቆርቆሮ አጥር ፊት ቆመው፣ ፎቶ አንሺውን ሊቆጡ እንደተዘጋጁ ሆነው ያያሉ። ወንድሞቿ «ቆርቆሮውን አጥፉና ደህና ግድግዳ ይሁንላት» ብለዋል። ባለ ስቱዲዮው «ቀላል ነው» ብሎ ወደ እኔ ገፋው።

ቀላል መስሎኝ ነበር። የነጠላውን ዳር ተከትዬ ቆረጥኩና ግራጫ ግድግዳ ላይ አስቀመጥኳቸው። ያኔ ጉዱ ወጣ። ነጠላው ስስ ነውና አጥሩን ይዞት መጣ፤ በግራጫው ላይ የሻገተ ጨርቅ መሰለ፤ የቆርቆሮው ሸንተረር ሳይቀር ይቆጠራል። እኔ ደግሞ ዝብርቅርቅ ነገር አልወድም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች በሚመረቁበት ዕድሜ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ከመስመር የወጣ ፊደል ዛሬም ያመኛል። አረንጓዴውን በነጭ ሸፈንኩት። ጥርት አለ። በጥራቱም ኮርቼ ነበር።

«እትዬ፣ ምኑ ነው ያልተመቸዎት?» አልኳት።

«ነጠላ ያሳያል፣ እህቴ። ይሄ አያሳይም። ይሄ አቡጀዴ ነው።» ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሲገንዟት አጠገቧ ቆሜ ነበር። በአቡጀዴ አንዴ አይቻታለሁ። ደግሞ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ ልያት?»

ባለ ስቱዲዮው ነገሩን ሊያቀል ማውሱን ከእጄ ወሰደ። «ትንሽ እናሳሳዋለን፣ ምንም አይደል» አለና አሮጊቷን ከነጠላቸው በአንድ ላይ አሳሳቸው። ግድግዳው በግንባራቸው በኩል ብቅ አለ።

«አሁን ደግሞ መንፈስ አደረግካት» አለች ሴትዮዋ። ልትስቅ ነበር መሰለኝ፤ ግን ዓይኗ ሞላ።

«የኔታ፣ ተረከቢኝ» ብሎ ማውሱን መለሰልኝ። መጽሐፍ ስለማነብ «የኔታ» ይለኛል፤ ሲቸግረው ደግሞ በአክብሮት ይለዋል።

«እስከ ዓርብ ካልደረሰ ይቅር» አለች። «ያለ ፎቶ ይውጣ። በዚህ ግን አላወጣትም።» ሄደች።

መቀመጥ አቃተኝ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ፋይሉን ከፍቼ ዘጋሁ። በመጨረሻ ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ከታክሲ የወረደች አንዲት ሴት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እየሰበሰበች አለፈች። እስክትታጠፍ ድረስ አይኔን ሳልነቅል ተከተልኳት። ነጠላው አንድ እጥፍ በሆነበት ከጀርባዋ ያለው የሱቅ በር ይታያል። ክንዷ ላይ በተደራረበበት ምንም አይታይም። ትከሻዋን በነካበት ደግሞ የሚታየው በሩ ሳይሆን የቀሚሷ ቀለም ነው። ጥለቱ ብቻ የትም ቢውል ድፍን ነው። በየቀኑ የምለብሰው ጨርቅ ነው፤ እንደ ወረቀት አንድ ዓይነት አድርጌ ነበር የማስበው። እኔ ሁሉንም ቆርጬ ነበር፤ መቆረጥ የነበረበት ግን ፊታቸው፣ እጃቸውና ጥለቱ ብቻ ነው። የቀረው የሚለካው በመጠን ነው፦ እዚህ ይህን ያህል ይሸፍን፣ እዚያ ይህን ያህል ያሳልፍ።

ከስልክ ፎቶው ላይ ግን ያን መጠን ማውጣት አልቻልኩም። ሸንተረሩን ባጠፋሁ ቁጥር የጨርቁ ክር አብሮ ይጠፋል። ደወልኩላት።

«ነጠላቸው አለ?»

 «ሳጥኗ ውስጥ ነው» አለች። «አላጠብኩትም።»

«እንዳያጥቡት። እንዳለ ያምጡልኝ።»

በማግስቱ በፌስታል ይዛው መጣች። ነጠላውን እሷን አልብሼ በፎቶ ላነሳው ጥቁር ጨርቅ ሰቅዬ ጠበቅኳት፤ ነጭ ጨርቅ በጥቁር ላይ ሲሆን ራሱ ይናገራል፤ ስሱ ይጠቁራል፣ እጥፉ ይነጣል፤ ያንን ንጣት ለኮምፒውተሩ መለኪያ አድርጎ መስጠት ይቻላል። የፈራሁት ነጠላው ከሥሩ ያለውን ልብስ እንዳያሳይብኝ ነበር፤ ጥቁር ቀሚስ ልዋስላት አስቤ ነበር። ስትገባ ሳያት አፈርኩ። ከላይ እስከ ታች ከል ለብሳለች፤ ሻሿም ጥቁር ነው። ምንም መዋስ አላስፈለገም።

የእናቷ ፊት ብርሃን ያገኘው ከግራ ስለሆነ በሩ በግራዋ እንዲሆን አስቀመጥኳት። ነጠላውን አነሳሁ። ለማልበስ ስሞክር ግን እጄን ያዘችኝ።

«እንዲህ አይደለም። እሷ በዚህ በኩል ለቀቅ ታደርገው ነበር። ጆሮዬን ይይዘኛል ትል ነበር።» ራሷ አስተካከለችው። ባለ ስቱዲዮው ካሜራውን ይዞ አንድ ቀልድ ሊጀምር አፉን ከፈተና ትቶት አነሳት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝም ብሎ ሥራ ነው። የልጃቸውን ፊት አስወጣሁ፤ ነጠላውን አስቀረሁ። እናትየው ከሥሩ ገቡ። ከግንባራቸው በላይ ወጣ ያለውን ሽበት ተከትዬ ጸጉራቸውን በራሳቸው ጸጉር ከነጠላው ሥር ቀጠልኩላቸው፤ በስሱ እንዲታይ። ትከሻቸው ላይ ቀሚሳቸው፣ ከትከሻቸው ውጭ ግራጫው ግድግዳ አሳለፈ። ከጆሯቸው በታች፣ የአገጫቸው ጥላ በጨርቁ ላይ ያረፈበትን ግን አዲሱ ነጠላ አልመስል ስላለኝ የስልክ ፎቶውን ነጠላ እዚያው ተውኩና አረንጓዴውን አጠፋሁበት።

ዓርብ ዕለት መጣች። ከስክሪኑ ፊት ቆመች። እኔ ወንበሬ ላይ እየተቁነጠነጥኩ ነው። ከዚያ ጣቷን ዘርግታ ስክሪኑን ልትነካ ደርሳ አቆመች።

«ይቺ አጥራችን ናት አይደል?»

አየሁ። ነጠላው ከአንገታቸው ራቅ ባለበት፣ ከጆሮ በታች፣ የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ቀርታለች። ሁለት ቀን ሙሉ እያጎላሁ ያየሁት ቦታ ነው። 

«ይቅርታ፣ እትዬ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ አሁን አጠፋታለሁ።»

«ቆይ።» ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «አጥሩን እሷ ናት ያስቀባችው። ወደ ላፍቶ ወጣ ብሎ ነበር ቤታችን፤ አሁን መንገድ ሆኗል። ወንድሞቼ ቆርቆሮ ነው ብለው አፈሩበት እንጂ…» ቀና አለች። «እነሱ አያዩዋትም። ተያት።»

«ስህተት ናት እኮ» አልኩ።

«የማን?»

ማውሱን ለቀቅኩ። ባለ ስቱዲዮው «ይታተም» አለ፤ ታተመ።

እሁድ ለአርባው ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ፎቶው ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ወንድማማቾቹ «ቁርጥ እሷን!» እያሉ ለመጣ ሰው ሁሉ ያሳያሉ፤ ግድግዳውንም ያደንቃሉ። ሴትዮዋ ከፎቶው ሥር ተቀምጣለች፤ አንዴ ቀና ብላ ከጆሮ በታች አየችና ጎንበስ አለች። እኔ ሳህኔን ይዤ ሌላ ቦታ ማየት አቃተኝ። አረንጓዴዋ ከሩቅ አትታይም። ለእኔ ግን ከድንኳኑ ጫፍ ትጮኻለች።

ፋይሉ አሁንም አለ። ሥራ ሲቀዘቅዝ እከፍተዋለሁ፤ እዚያች ቦታ ላይ አጎላለሁ፣ ብሩሹን አነሳለሁ። ከዚያ «የማን?» ያለችው ትዝ ይለኝና ሳልነካት እዘጋዋለሁ።