ባህሪያ እና በለቅሶ ቀን የመጣው ማስታወቂያ

ባህሪያ በጅማ ሄርማታ ሰፈር፣ ከመስጊዱ በር አጠገብ፣ ስልክ ትጠግናለች። አባቷ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ፤ የእርሳቸውን ጠረጴዛና አጉሊ መነጽር ወርሳ ሥራውን ብቻ ለወጠች። እኔ ለሠርግና ለለቅሶ ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ። ሰውን ቶሎ አላምንም፤ እርሷንም ሦስት ዓመት ሙሉ አላመንኳትም።

ባለፈው ረቡዕ የጀማለዲን እናት ስለሞቱ በከተማው ዳር ወዳለው ጅሬን ተጠራሁ። ሼኾቹ ከዐስር ሶላት በኋላ እስኪመጡ ድረስ ቁርኣን ከታብሌቴ እንዲሰማ ተስማማን። ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ ሆኜ ስሞክረው፣ አንዱ ሱራ አልቆ ሌላው ሳይጀምር፣ ጭፈራ ያለበት የውርርድ ማስታወቂያ ጮኸ።

ይህ እንዳይሆን ከሁለት ቀን በፊት ለቁርኣን መተግበሪያው «ፕሪሚየም»፣ ማስታወቂያ ለሌለበት አገልግሎት፣ ከፍያለሁ። ከስልኬ የከፈለችልኝ ባህሪያ ናት። ያ ድምፅ ሐዘንተኛ ፊት ቢሰማ በጅማ ለለቅሶ ዳግመኛ የሚጠራኝ አይኖርም። ታብሌቱን ይዤ ሱቋ ገባሁ።

«ገንዘቤን የት አደረስሽው?» አልኳት።

«ሌባ ብሆን ሱቄን መስጊድ በር ላይ እከፍት ነበር፣ ጋሼ? ስልክዎን ይስጡኝ።»

መተግበሪያውን በስልኬ ከፈተችው፤ ከስሜ በታች «ፕሪሚየም» ይላል። በታብሌቱ ግን «ነፃ» ይላል።

«ክፍያው የሚያያዘው ከተመዘገቡበት ቁጥር ጋር ነው፤ ከዕቃው ጋር አይደለም። ታብሌቱ በማን ቁጥር ተከፈተ?»

ታብሌቱ ሲም የለውም። ስገዛው ሻጩ መተግበሪያውን ሊከፍትልኝ ቁጥር ቢጠይቀኝ፣ የራሴን እንዳያውቅብኝ አጋሮ ያለውን የወንድሜን ሰጠሁት።

«የወንድሜ ነው» አልኩ።

«ኤዬ» አለች በኦሮምኛ፤ አዎ ማለቷ ነው። «እንግዲያው ታብሌቱ እርስዎን አያውቅዎትም። እርስዎም እንዲያውቅዎት አልፈለጉም።»

ከወንድሜ ቁጥር አስወጣችው፤ የእኔን እኔው ጻፍኩበት። ወዲያው ስልኬ ላይ ኮድ መጣ፤ ከሥሩ «ለማንም አይንገሩ» ይላል። በመዳፌ ሸፈንኩት። አየችኝ። ታብሌቱን ወደ እኔ ገፋችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«እርስዎ ራስዎ ያስገቡት።»

ጣቴ ዝግ ያለ ነው፤ ሳልጨርስ የኮዱ ጊዜ አለፈ። ጀማለዲን ደወለ። «ጋሽ ሱሌይማን፣ ሰው እየሞላ ነው። የት ደረሱ?» እየመጣሁ ነው አልኩት። ሌላ ኮድ አስልኬ አስገባሁ፤ ተቀበለኝ፤ ታብሌቱ ግን አሁንም «ነፃ» አለ።

«አላልኩሽም?» አልኳት።

መተግበሪያውን ጨርሳ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችውና «ክፍያን አድስ» የሚለውን ነካች። ጥቂት ዞረ። «ፕሪሚየም» አለ። የሁለት ሱራዎችን መጨረሻና የቀጣዮቻቸውን መጀመሪያ አስደመጠችኝ፤ በመካከላቸው ጸጥታ ብቻ ነበር።

ጅሬን ላይ የመጀመሪያው ሱራ ሊያልቅ ሲል እጄ የድምፁ መቀነሻ ላይ ነበረ። ጸጥ አለ፤ ቀጣዩም ጀመረ። ጀማለዲን አንገቱን እንደደፋ ነበር። እጄን ያነሣሁት ሼኾቹ ሲገቡ ነው።

በማግስቱ የድካሟን ልከፍላት ሄድኩ። አልቀበልም አለች፤ ደብተሯን አውጥታ ግን፣ ችግር ቢኖር እንድትደውልልኝ ቁጥሬን ጠየቀችኝ።

የራሴን ነገርኳት።