የተዋጠ ሳል

ድንጋይ ቆራጩ የሐኪሞች ቦርድ ፊት ተቀመጠ። አስራ አንድ ዓመት ግራናይት ሲቆርጥ ኖሯል። በየዓመቱ የጤና ምርመራ ሲመጣ ግን ከሥራ እንዳይባረር ፈርቶ ሳሉን እየዋጠ "ደህና ነኝ" ይል ነበር። ታዲያ መዝገቡ ሁሉ ጤነኛ ነው ይላል። አሁን ያ ውሸት ዞሮ ጉድ ሊያፈላበት ነው።

ከቦርዱ አባላት አንዷ ሐኪም የአሠሪውን ደብዳቤ አነበበችለት። "የሳንባ በሽታው ከሲጋራ የመጣ ሊሆን ይችላል ይላሉ።"

"ሲጋራ? አቧራውን በነፃ እያጠጡኝ ሲጋራ ምን ልሁን ብዬ እገዛለሁ?" አለ ቱግ ብሎ። ወዲያው ደነገጠ። "ይቅርታ ዶክተር። ሳሉ ከጀመረኝ አራት ዓመቱ ነው፤ ደብቄው ነው።"

ሐኪሟ ራጁን ወደ ብርሃን አነሳች። "ይህ በሽታ በሕጉ ዝርዝር ውስጥ አለ። የድንጋይ ብናኝ ውስጥ የሠራ ሰው ከያዘው፣ መዝገቡ ጤነኛ ነው ቢልም ከሥራው እንደመጣ ይቆጠራል። አይደለም ካሉ እነሱ ያስረዱ። እኛ ደግሞ የጉዳቱን መጠን እንወስናለን፤ ካሳዎ የሚሰላው በዚያ ነው። ከእንግዲህ ግን ወደ ብናኙ አይመለሱም።"

እፎይ ብሎ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ታናሽ ወንድሙ ይጠብቀዋል። እሱ ሲታመም የድንጋይ መቁረጫ ማሽኑን የተረከበው ይሄው ወንድሙ ነው፤ አለቃውን ለምኖ ያስቀጠረውም ራሱ ድንጋይ ቆራጩ ነበር።

"ጋሼ፣ እንዴት ሆነ?"

ሊመልስለት ሲል ወንድሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አፉን ገጥሞ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ የሆነ ነገር ዋጠ። ከዚያ ዞሮ ፈገግ አለ።

"ደህና ነኝ" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።